15 በመቶው ወለድ የማን ነው?

«አዳማ ላይ ትንሽ የዱቄት ፋብሪካ አለኝ። ለማሽን 10 ሚሊዮን ብር የተበደርኩት በ18.5 በመቶ ነው። እዚያው ባንክ ያስቀመጥኩት ቁጠባ ደግሞ 7 በመቶ ነው የሚያስገኝልኝ። ብሔራዊ ባንክ ወለዱ 15 በመቶ ነው ይላል። ይህ 15 የማን ነው? ባንኬ ከብሔራዊ ባንክ በ15 ተበድሮ ነው ለእኔ በ18.5 የሚሰጠኝ? ነገ ወደ 12 ቢወርድ የእኔስ ይወርዳል? ደግሞስ ይህ ቁጥር ገበያ ላይ ያለውን ብር እንዴት ነው የሚቀንሰው?»

አይደለም። ባንክዎ የሰጠዎትን 10 ሚሊዮን ከብሔራዊ ባንክ አልተበደረውም። ከሌላ ሰው ቁጠባ ቆንጥሮም አላመጣውም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ግራ ይጋባል። ስለዚህ ብድሩ ከተለቀቀበት ጠዋት ልጀምር።

ያን ጠዋት ባንኩ ሁለት ነገር መዘገበ። አንዱ «እኚህ ደንበኛ 10 ሚሊዮን ብር አለባቸው» የሚል ነው። ሌላው በእርስዎ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ላይ የገባ 10 ሚሊዮን ብር ነው። በቃ። ከካዝና የወጣ ብር የለም። የማንም ሒሳብ አልጎደለም። የእርስዎ ሒሳብ ግን ሞላ። በሒሳብ ላይ ያለ ብር ደግሞ ዕቃ የሚገዛ ብር ነው። ስለዚህ ያን ጠዋት የአገሪቱ የገንዘብ አቅርቦት በ10 ሚሊዮን ብር አደገ። እርስዎ በየጊዜው ከዋናው ብድር ላይ ሲከፍሉ ደግሞ በከፈሉት ልክ ይቀንሳል። ብድር ብር ይፈጥራል፣ የብድር ክፍያ ብር ያጠፋል። ይህን ከያዝን የቀረው ቀላል ነው።

ባንክ እንዲህ መዝግቦ ብር መፍጠር ከቻለ ታዲያ ምን ይይዘዋል? መልሱ ያለው ከሰዓት በኋላ በሆነው ነገር ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ለማሽን ሻጩ ከፈሉ። ሻጩ ሒሳቡ ያለው ሌላ ባንክ ነው። የእሱ ባንክ ደግሞ «እዚህ ደብተር ላይ ጽፌልሃለሁ» ቢባል አይቀበልም። የሚቀበለው በብሔራዊ ባንክ በኩል የመጣ ብር ነው። እያንዳንዱ ባንክ ብሔራዊ ባንክ ዘንድ የራሱ ሒሳብ አለው። 10 ሚሊዮኑ ከባንክዎ ሒሳብ ወጥቶ ወደ ሻጩ ባንክ ሒሳብ ይገባል። ባለሙያዎች ይህን ብር ሪዘርቭ ይሉታል። እኔ «የባንኮች ብር» እለዋለሁ፤ እርስዎና እኔ በዚህ ብር ሽሮ መግዛት አንችልምና። ባንክ ግን ያለ እሱ አይውልም። ደንበኛው ወደ ሌላ ባንክ ሲልክ የሚከፍለው በእሱ ነው። ጥሬ ብር ሲያልቅበትም የሚያወጣው ከእሱ ነው። ከተቀማጩ የተወሰነውን ብሔራዊ ባንክ ዘንድ በግዴታ የሚያስቀምጠውም በእሱ ነው።

15 በመቶው የዚህ ብር ዋጋ ነው። የእርስዎ ብድር ዋጋ አይደለም። የቁጠባዎም አይደለም። ባንኮች የጎደላቸውን የባንኮች ብር የሚያገኙበት፣ የተረፋቸውን የሚያሳድሩበት ዋጋ ነው።

ብሔራዊ ባንክ ይህን አሠራር ሥራ ላይ ያዋለው በሐምሌ 2016 ነው። ዋናውን ምጣኔ 15 አደረገው። ከሥሩ 3 ነጥብ ዝቅ ብሎ ወለል፣ ከላዩ 3 ነጥብ ከፍ ብሎ ጣሪያ አበጀለት። ብር የተረፈው ባንክ ለአንድ ሌሊት እዚያ ቢያሳድር 12 በመቶ ያገኛል። የጎደለው ባንክ ለአንድ ሌሊት ቢበደር 18 በመቶ ይከፍላል። በመሃሉ ባንኮች እርስ በርስ ይገበያያሉ። ለዚህ የሚሆነው የባንኮች የእርስ በርስ ገበያ በጥቅምት 2017 በኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ መድረክ ላይ ተጀመረ።

በእርስዎ 10 ሚሊዮን እናስላው። ማታ ባንክዎ ያ ብር ጎድሎታል፣ የሻጩ ባንክ ደግሞ ተርፎታል እንበል። የሻጩ ባንክ ብሩን ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ቢያሳድረው በ12 በመቶ ለአንድ ሌሊት 3,288 ብር ያገኛል። ስለዚህ ከዚያ በታች ለማንም አያበድርም። ባንክዎ ከብሔራዊ ባንክ ቢበደር በ18 በመቶ 4,932 ብር ይከፍላል። ስለዚህ ከዚያ በላይ ለማንም አይከፍልም። ሁለቱ በመሃል ይገናኛሉ። በ16 ቢስማሙ የሌሊቱ ዋጋ 4,384 ብር ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ በስልክ ደውሎ «በ16 አበድሩ» ማለት አላስፈለገውም። ወለሉንና ጣሪያውን ብቻ ነው የያዘው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ጣሪያው ለሁሉም እኩል አይሠራም። ብሔራዊ ባንክ በ18 የሚያበድረው ባዶ እጁን ለመጣ አይደለም። ባንኩ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ወይም ቦንድ በመያዣነት ማቅረብ አለበት። ሰነዱን ሁሉ አስይዞ የጨረሰ ባንክ ጣሪያ የለውም ማለት ይቻላል። ባንክ ውስጥ የገንዘብ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት የእርስ በርስ ገበያው እንደዚህ አልነበረም። የጎደለን ቀን የምናደርገው አንድ ነገር ነበር፦ ትልልቅ አስቀማጮችን ደውሎ መለመን። «በጊዜ ገደብ ያስቀምጡልን፣ ወለዱ ላይ እንነጋገር» እንላቸዋለን። ሰውየው የሌላውን ባንክ ዋጋ ነግሮን ይጠብቃል። ወለድ የሚወጣው በዚያ ስልክ ላይ ነበር። ዛሬም በአመዛኙ እዚያው ነው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ብሩ ብዛት እንምጣ። 15 በመቶ ብሎ ማወጅ ብቻውን ዋጋውን አያቆመውም። የባንኮች ብር ከበዛ ሁሉም ተርፎት ያድራል። የሚበደር ስለማይኖር ዋጋው ወደ 12 ይወርዳል። ካነሰ ደግሞ ወደ 18 ይወጣል። ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ በየሁለት ሳምንቱ ጨረታ ያወጣል። ትርፍ ሲኖር ከባንኮች ብር ሰብስቦ ወለድ ይከፍላል፣ እጥረት ሲኖር ያበድራል። 15ቱ በእውን የሚኖረው በዚህ ጨረታ ላይ ነው።

ትርፉ ከየት ይመጣል? ከምንጮቹ አንዱ ወርቅ ነው። ብሔራዊ ባንክ ከባህላዊ አምራቾች ወርቅ ይገዛል። ለአምራቹ የሚከፍለው በብር ነው። የ100 ሚሊዮን ብር ወርቅ ገዛ እንበል። የአምራቾቹ ሒሳብ በ100 ሚሊዮን ይጨምራል፤ ይህ የእኛ ብር ነው። የባንኮቻቸው የብሔራዊ ባንክ ሒሳብም በ100 ሚሊዮን ይጨምራል፤ ይህ የባንኮች ብር ነው። በአንድ ግዢ ሁለቱም ብሮች አደጉ። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደር የነበረውም በተመሳሳይ መንገድ ነው ብር የሚያበዛው። የወለድ ምጣኔ ሥራ እንዲሠራ ያ ቀጥታ ብድር መዘጋት አለበት የሚባለውም ለዚህ ነው። በአንድ በር ብር እየገባ በሌላው በር በ15 ወለድ መሰብሰብ በርሜል በወንፊት እንደመቅዳት ነው።

ጨረታው ያንን 100 ሚሊዮን የባንኮች ብር ለሁለት ሳምንት ሊያነሳው ይችላል። የአምራቾቹን ሒሳብ ግን አይነካም። እነሱ ብራቸው አለ፤ ዛሬውኑ ሲሚንቶ ሊገዙበት ይችላሉ። «ብሔራዊ ባንክ ብር ከገበያ ሰበሰበ» ሲባል ከሕዝቡ ኪስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የተሰበሰበው የባንኮች ብር ነው። ዓላማው ነገ አዲስ ብድር ሊሰጥ ያሰበውን ባንክ «ይህ ብር ከሰዓት በኋላ ሲወጣብኝ በምን ዋጋ እተካዋለሁ?» ብሎ እንዲያስብ ማድረግ ነው። ያ ሐሳብ ብድሩን ካስቀረው ያ ብር አይፈጠርም። የገንዘብ አቅርቦቱ የሚገታው በዚህ በኩል ነው። ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ ጊዜም ይወስዳል።

እስቲ አሁን ወደ 18.5ዎ እንምጣ። ብድሩ ከሰዓት በኋላ ሲወጣ የሚጎድለውን የባንኮች ብር ባንክዎ የሚተካው በአመዛኙ አስቀማጭ በማምጣት ነው። አስቀማጭ ደግሞ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ያለው ነው፤ ወለድ አይከፈለውም። ሁለተኛው እንደ እርስዎ ቁጠባ ያለው ነው። የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ የሆነው በጥቅምት 2010 ነው። ይህ በመመሪያ የተቀመጠ ወለል ነው፤ ከ15ቱ ጋር አልታሰረም። ሦስተኛው በጊዜ ገደብ የሚያስቀምጠው ትልቅ ደንበኛ ነው። እሱ ይደራደራል። ገበያውን ያውቃል። የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታም ይከታተላል። 15ቱ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ጋ ነው።

ለምሳሌ የአንድ ባንክ ተቀማጭ እንዲህ ነው እንበል። ከ100 ብር 30ው ተንቀሳቃሽ፣ 45ቱ ቁጠባ፣ 25ቱ በጊዜ ገደብ የተቀመጠ በ15 በመቶ። ወጪውን ስንደምረው ለተንቀሳቃሹ 0፣ ለቁጠባው 3.15፣ ለጊዜ ገደቡ 3.75፤ በጠቅላላ 6.90 ብር ነው። ነገ የፖሊሲ ወለዱ ወደ 12 ወረደ፣ በጊዜ ገደብ ያስቀመጠውም ደንበኛ 3 ነጥብ ሙሉ በሙሉ ቀነሰ እንበል። የባንኩ ወጪ የሚወርደው ግን በ0.75 ብቻ ነው። ሌሎቹ 75 ብሮች አልተንቀሳቀሱም። ባንኩ ያተረፈውን ሁሉ ለእርስዎ ቢያስተላልፍ እንኳ ብድርዎ ከ18.5 ወደ 17.75 ነው የሚወርደው። በ10 ሚሊዮን ላይ በዓመት 75,000 ብር ነው። ለዱቄት ፋብሪካ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከ3 ነጥብ ሲታይ ግን ሩቡ ብቻ ነው።

«ባንክ ዋጋ የሚያወጣው በአማካይ ወጪ ሳይሆን የመጨረሻዋን ተጨማሪ ብር ባመጣበት ዋጋ ነው» የሚል ባለሙያ ሊነሳ ይችላል። ልክ ነው። ባንኮች ለተበዳሪ በሚሻሙበት አገር የብድሩን ወለድ የሚወስነው የመጨረሻዋ ብር ዋጋ ነው። የእኛ ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አስቀመጠ። በታኅሣሥ 2017 ይህ የብድር ጣሪያ 18 በመቶ ሆነ። በመስከረም 2018 ደግሞ 24። በዚህ ሁሉ ጊዜ 15 በመቶው ወለድ ንቅንቅ አላለም። ይህን ሁልጊዜ ለሰው እነግራለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ይናገራል። ብሔራዊ ባንክ ብድርን ላላ ማድረግ በፈለገ ጊዜ የነካው ዋጋውን አይደለም። ብዛቱን ነው።

ጣሪያው በአንድ ባንክ ላይ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። 20 ቢሊዮን ብር ብድር ያለው ባንክ በ14 በመቶ ጣሪያ በዓመት 2.8 ቢሊዮን መጨመር ይችላል። በ18 በመቶ 3.6 ቢሊዮን፣ በ24 በመቶ 4.8 ቢሊዮን። ይህ የሚመለሰው ብድር ተቀንሶ ያለ የተጣራ እድገት ነው። በሩ ላይ የተሰለፈው ጥያቄ ደግሞ 7 ቢሊዮን ነው እንበል። ይህ ባንክ የባንኮች ብር በ12 ቢያገኝ ለእርስዎ ምን ብሎ ይቀንሳል? ቢቀንስም ተጨማሪ ብድር መስጠት አይችልም። ባይቀንስም ሰልፉ አይጎድልም። የወለዱ ቅናሽ እዚያው ባንኩ ኪስ ይቀራል።

«ሰልፍ ካለ ለምን 25 በመቶ አይጠይቅም?» ይሉኝ ይሆናል። ወለዱ በጣም ሲከብድ «እሺ» ብሎ የሚፈርመው መመለስ ያላሰበው ሰው ነው። ባንኮች ይህን በኪሳራ ተምረውታል። ስለዚህ በዋጋ ሳይሆን በሰው ይመርጣሉ። መያዣው ጠንካራ የሆነ፣ ብዙ የሚያስቀምጥ፣ የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣ ደንበኛ ይቀድማል። ቀሪው «ጠብቁ» ይባላል። አንዳንዴም ወለዱ ሳይነካ የአገልግሎት ክፍያው ከፍ ይላል። ብድር ሲጠይቁ ወለዱን ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ የሚከፍሉትን ያሰሉ የምለው ለዚህ ነው።

ወለድን በሕግ ከፖሊሲ ምጣኔው ጋር ማሰርስ? ኬንያ ሞክራዋለች። ከ2016 እስከ 2019 በአውሮፓ አቆጣጠር የብድር ወለድ ከማዕከላዊ ባንኳ ምጣኔ ከ4 ነጥብ በላይ እንዳይበልጥ ሕግ ነበራቸው። ባንኮቹ ለመንግሥት ማበደሩን መረጡ፤ ትንንሽ ነጋዴዎች ብድር አጡ። ሕጉም ተሻረ። ዋጋው በሕግ ሲረክስ ዕቃው ከመደርደሪያ ይጠፋል፤ ብድርም እንደዚያው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች አያዩትም። 15ቱ ሳይነካም ይጠብቃል፣ ይላላል። በሰኔ 2016 የዋጋ ንረቱ 19.9 በመቶ ነበር። በ15 የተበደረ ባንክ ከንረቱ አንጻር ሲታይ ተደጎመ ማለት ነው። በነሐሴ 2017 ንረቱ 13.6 በመቶ ሆነ። ያው 15 አሁን ከንረቱ በላይ ነው። ማንም ቁጥሩን አልነካም፤ ፖሊሲው ግን ጠበቀ። የእርስዎም ብድር እንዲሁ ነው። ዱቄት በዓመት በ20 በመቶ ሲጨምር 18.5 ቀላል ነበር። ጭማሪው ሲቀዘቅዝ ያው 18.5 ይከብዳል። ቁጠባዎ ግን በሁለቱም ጊዜ ኪሳራ ላይ ነው፤ 7 ከ13.6ም ያንሳል።

ስለዚህ ነገ 15ቱ ቢወርድ እንዲህ አድርገው ይከታተሉ። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው የባንኮች የእርስ በርስ ዋጋ ነው፤ እሱ በቀናት ውስጥ ይታያል። ቀጥሎ የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ ወለድ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ውጤቱን ያወጣል። ሦስተኛው በጊዜ ገደብ ለሚያስቀምጥ ሰው ባንኮች የሚሰጡት ዋጋ ነው። ይህን ከፋብሪካዎ ወጥተው ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ጠይቀው ማወቅ ይችላሉ። «5 ሚሊዮን ለአንድ ዓመት ባስቀምጥ ስንት ትሰጡኛላችሁ?» ይበሉ። ሦስቱም ወርደው የብድር ወለድ ካልወረደ፣ የያዘው የብድር ጣሪያው ወይም ሰልፉ ነው። ሦስተኛው ራሱ ካልወረደ ግን ባንኮቹ ብር እያጠራቸው ነው፤ ከባንክዎ ጋር ስለ ቅናሽ ለመነጋገር ጊዜው ገና ነው።

እና ውልዎን አውጥተው ያንብቡት። በብዙ የብድር ውሎች ላይ ባንኩ በብድሩ ዘመን ወለዱን መለወጥ እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ አለ። አንቀጹ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሠራ እንደሆነ፣ ለውጡ በስንት ቀን ማስታወቂያ እንደሚመጣ፣ ቀድመው ቢከፍሉ ቅጣት እንዳለው ይዩ። ቅጣቱ ትንሽ ከሆነና ሌላ ባንክ በ17 ሊወስድዎት ከፈለገ፣ ያንን ደብዳቤ ይዘው ወደ ባንክዎ ሥራ አስኪያጅ ይሂዱ። የብድር ጣሪያው 24 ከሆነ ወዲህ አዲስ ደንበኛ የሚፈልግ ባንክ ማግኘት በ14ቱ ጊዜ ከነበረው ቀሏል።